ኢኮ ዶቱን ለሰው ከመስጠቴ በፊት፦ የተቀረጸው ድምፅ የት ነው ያለው?

ይህን ጥያቄ በኢንተርኔት ላይ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ባሕር ዳር ሽምብጥ፣ ከጣና ብዙ በማይርቅ ግቢ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። ሳሎኑ ውስጥ ቨርጂኒያ የምትኖረው እህቴ ያመጣችልኝ ኢኮ ዶት፣ በድምፅ የሚታዘዝ ትንሽ የአማዞን ስፒከር፣ ተቀምጦ ነበር፤ ሦስተኛው ትውልድ የሚሉት፣ ጎኑ በጨርቅ የተሸፈነው። ያስጀመረችውም እሷ ናት፣ በራሷ የአማዞን አካውንት። በረንዳው ላይ ደግሞ በድምፅ የሚበሩና የሚጠፉ አራት አምፖሎች አሉ። እነሱን የገጠመልኝ የወንድሜ ልጅ ነው፤ አሁን ዱባይ ነው የሚሠራው። ዕቃውን ለአንዲት የእንግሊዝኛ መምህርት ልሰጣት አሰብኩ፤ ተማሪዎቿ ጆሯቸውን ያለማምዱበታል።

ከመስጠቴ በፊት ግን እህቴ አንድ ነገር አሳየችኝ። በቪዲዮ ጥሪ የስልኳን ስክሪን አጋራችኝና አሌክሳ፣ ዕቃው ውስጥ ሆና የምትሰማውና የምትመልሰው፣ የቀረጸችውን ዝርዝር ከፈተች። በቀን በቀን ተከፋፍሏል። እያንዳንዱ መስመር ላይ አሌክሳ ሰማሁ የምትለው ነገር በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ አጠገቡ ድምፁን የሚያጫውት ምልክት አለ። አብዛኛው የታወቀ ነው፦ ዘፈን ክፈቺ፣ መብራት አጥፊ። አንዱ መስመር ግን እርስ በርሳቸው የማይገናኙ የእንግሊዝኛ ቃላት የተደረደሩበት ነበር። ስትነካው አማርኛ ሆነ። አንድ እንግዳዬ ሳሎን ተቀምጦ በስልክ ስለ ልጁ የምርመራ ውጤት ሲያወራ ነው። የጥቂት ሰከንድ ነገር ነው፤ ሰውየውን ግን በድምፁ ለየሁት። አሌክሳን የጠራት ሰው አልነበረም። ከንግግሩ ውስጥ አንዱ ድምፅ ስሟን መስሏት ነው የነቃችው።

ስለዚህ ይህን ጠየቅኩ፦ ይሄ ሁሉ እንዴት ይጠፋል? ዕቃው ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭኖ ሪሴት ማድረግ ይበቃል? አምፖሎቹስ? የመጡትን መልሶች በተራቸው እነግራችኋለሁ። አንዳንዶቹን አሳጥሬአቸዋለሁ፤ ወሬው ወደ ሌላ የሄደበት ቦታ ብዙ ነው።

1ኛው መልስ የመጣው ስልክና ላፕቶፕ ከሚሸጥ ወጣት ነው። በትሕትና ሰላምታ ጀምሮ ነገሩ ቀላል መሆኑን ጻፈ። ከላይ ካሉት አራት ቁልፎች ነጥብ ያለበትን 25 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ፣ የብርሃን ቀለበቱ ብርቱካናማ ሲሆን መልቀቅ፣ በቃ። እሱ ሱቁ ለሚመጣ ዕቃ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል፤ ሁሉም ነገር ይጠፋል ባይ ነው።

2ኛው ተስማማና ከሱ አልፎ ሄደ። ቁልፍም አያስፈልግም፣ ከሶኬት ነቅሎ አንድ ቀን ማሳደር ይበቃል አለ። እኛ ከተማ መብራት በሚጠፋው ልክ ዕቃው እስካሁን ባዶ ሆኗል የሚል እምነት አለው።

3ኛዋ ጥያቄውን በሌላ ተረድታዋለች። ቴሌግራም ላይ የተላከ የድምፅ መልእክት ከሁለቱም ወገን እንዴት እንደሚጠፋ በዝርዝር አስረዳች። መልካም ልብ ነው፤ አመሰገንኳት።

4ኛው መልስ ረጅም ነው፤ ነገሩን ያስተካከለውም እሱ ነው። ጸሐፊው ፖሊ የተማረ፣ አሁን የኔትወርክ ሥራ የሚሠራ ሰው ነው። 1ኛው የተናገረው የ25 ሰከንዱ ነገር ትክክል መሆኑን መጀመሪያ መሰከረለት። ቀጥሎ ግን ሪሴት የሚያጸዳው ዕቃውን ብቻ እንደሆነ አስረዳ። የእንግዳዬ ድምፅ ዕቃው ውስጥ የለም። ኢኮ ዶት ስሟን የሰማች ሲመስላት ቀለበቱ ሰማያዊ ይሆንና ከዚያ በኋላ ያለውን ድምፅ ወደ አማዞን ሰርቨር ትልካለች። ቅጂው የሚቀመጠው እዚያ ነው፣ ዕቃው በተመዘገበበት አካውንት ስም። ዕቃውን ጣና ውስጥ ብወረውረውም እህቴ ቨርጂኒያ ሆና የእንግዳዬን ድምፅ መስማቷን ትቀጥላለች። ለ2ኛውም መልሱ ይኸው ነው፦ መብራት ሲጠፋ የሚጠፋው ሰርቨሩ ላይ ያለው አይደለም።

ከዚህ ተነስቶ ቅደም ተከተል ሰጠኝ። መጀመሪያ የሚጠፋው ድምፁ ነው። ቀጥሎ የአምፖሎቹ ትስስር ይቆረጣል። ቀጥሎ ዕቃው ከእህቴ አካውንት ይወጣል። የቁልፉ ሪሴት መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ሰዎች ከመጨረሻው ጀምረው ቀለበቱ ብርቱካናማ ሆኖ ሲያዩት ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል፤ ሌላው ሁሉ የሚረሳው በዚህ ምክንያት ነው ሲል አስጠነቀቀ። ይህን ሁሉ ማድረግ የምትችለውም እህቴ ብቻ ናት። አካውንቱ የሷ ስለሆነ ከቁልፉ በቀር እኔ እዚህ ሆኜ የምነካው ነገር የለም።

መንገዱንም ጻፈው። አሌክሳ አፕ ውስጥ More፣ ከዚያ Alexa Privacy፣ ከዚያ Review Voice History።

5ኛዋ አዲስ አበባ ያለች እህት ናት። በሷ ስልክ Alexa Privacy የሚገኘው Settings ውስጥ ገብታ ወደታች ስትወርድ እንደሆነ ነገረችን፤ አፑ በየጊዜው ቦታ ይቀያይራል። ላልተገኘለት ሰው በብሮውዘር amazon.com/alexaprivacy ብሎ መግባት ይሻላል፣ እሱ አይቀያየርም አለች። ጠቃሚ ነበር። እህቴም በኋላ የገባችው በዚህ ነው።

6ኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እዚያው ቀን ማታ። እህቴ በብሮውዘር ገብታ ስታየው ዝርዝሩ ባዶ ሆኖባታል፤ ከሁለት ቀን በፊት በዓይኔ ያየሁት የእንግዳዬ መስመር እንኳ የለም። አንዳች ነገር በራሱ አጥፍቶት ይሆን ብዬ ጠየቅኩ።

7ኛው መልስ በደቂቃዎች ውስጥ ከ4ኛው ጸሐፊ መጣ። አልጠፋም። ገጹ ሲከፈት የሚያሳየው የዛሬውን ብቻ ነው፤ ዛሬ ካልተናገርን ባዶ ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን ባዶ ገጽ አይቶ ተመስገን ብሎ ይዘጋዋል። የቀኑን ማጣሪያ ከፍቶ All History መምረጥ ያስፈልጋል። እህቴ ያን ስትመርጥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለው ሁሉ ዘረገፈ። ከዚያ ውስጥ ሁለተኛ የሰማሁት የሠራተኛዬን ድምፅ ነው፤ ቡና መድረሱን ለእንግዶች ስትናገር። እህቴ ሁሉንም የሚያጠፋውን መረጠች። የሷ ቤት ኢኮም በዚያው አካውንት ስለሆነ የሷም አብሮ ጠፋ፤ ግድ አልሰጣትም።

7ኛው አንድ ነገር ጨመረ። ማጥፋት ያለፈውን ነው የሚነካው። ዕቃው እስኪወጣ ድረስ ነገም ይቀርጻል። ስለዚህ Manage Your Alexa Data ውስጥ Choose how long to save recordings የሚለውን ከፍቶ Don't save recordings ላይ ማድረግ ነው። ሌሎቹ ምርጫዎች 3 ወር፣ 18 ወር፣ ወይም ባለቤቱ እስኪያጠፋው ድረስ ናቸው። ይህም ቢሆን ድምፁ ወደ አማዞን መሄዱን አያቆምም፤ ከተሠራበት በኋላ አይቀመጥም ማለት ነው። ድምፁ ጭራሽ ከቤት እንዳይወጣ የሚያደርግ ምርጫ በአንዳንድ ዕቃዎች ላይ ነበር፤ አማዞን በመጋቢት 2025 እንደ ፈረንጆቹ አስቀርቶታል። ቅጂው ሳይቀመጥ ሲቀር ሰውን በድምፁ የመለየቱ ነገርም አይሠራም። እኛ ቤት ያን የሚፈልግ የለም።

8ኛው የራሱን ጉዳይ ይዞ መጣ። እሱ ያለው የጉግሉ ኔስት ሚኒ ነው፣ የኔ ጥያቄ ምን ይጠቅመኛል ብሎ ትንሽ ቆጣ አለ። ይህ ሁሉ ስለ አማዞን ብቻ መሆኑ ቅር አሰኝቶታል።

9ኛዋ በእርጋታ መለሰችለት፤ ከዚህ በፊት ያልጻፈች ሴት ናት። የጉግሉ ድምፅ የሚገኘው myactivity.google.com ላይ ነው። እዚያ ማጥፋት፣ ቀጥሎ Web & App Activity ውስጥ ድምፅ እንዲቀመጥ የሚፈቅደውን ምልክት ማንሳት። በየ3፣ በየ18 ወይም በየ36 ወሩ በራሱ እንዲጠፋ ማድረግም ይቻላል። ኔስት ሚኒውን ሪሴት ለማድረግ ጎኑ ላይ ያለውን የማይክ ማጥፊያ ወደ ዝግ አድርጎ፣ የላዩን መሐል 15 ሰከንድ ያህል ድምፅ እስኪያሰማ መጫን። ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው፦ ድምፁ ቀድሞ፣ ቁልፉ መጨረሻ። 8ኛው አልመለሰም፤ የልብ ምልክት አደረገላት ብቻ።

10ኛው መልስ ላይ ወሬው ከረረ። ጸሐፊው ሁላችሁም የተቀረጸውን ስታሳድዱ ዋናውን አልፋችሁታል ባይ ነው። አሌክሳ ላይ Drop In የሚባል ነገር አለ። በዚያ አካውንት አፑን የከፈተ ሰው፣ እዚህ ማንም ስልክ ሳያነሳ፣ በቀጥታ ወደ ሳሎኔ ገብቶ መስማትና መናገር ይችላል። ምንም ቅጂ አያስፈልገውም። ቀለበቱ አረንጓዴ ሆኖ ይዞራል፤ ያን ቀለም የሚያውቅ እንግዳ ግን ስንት ነው ሲል ጠየቀ። እህት ስለሆነች ደህና ነው፣ ነገር ግን የእህትየዋን ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ ያው መብት አለው።

ይህ ትክክል ነው፣ ክርክርም የለውም። እህቴን ጠየቅኋት፤ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን አታውቅም ነበር። የዕቃው ማስተካከያ ውስጥ Communications ከፍታ Drop In ን Off አደረገችው። ዕቃውን ለመምህርቷ የምሰጠው ከሆነ ከአካውንቱ መውጣቱ ይህንንም ይዘጋዋል። እስከዚያ ድረስ ግን የማይኩን ቁልፍ ተጭኜ ቀለበቱን ቀይ አድርጌው ቆየሁ።

11ኛው ከዚያም ብሶ መጣ፤ በቀጥታ ወደኔ ነው። ቤት ለእንግዳ የሚያከራይ ሰው ሳሎኑ ውስጥ ሰሚ ዕቃ አስቀምጦ ለእንግዳ አለመናገሩ ነውር ነው አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱን አስታወሰን። ሰው ሳይፈቅድ የሱን ነገር መያዝ እንደ ድሮው እንዳይመስላችሁ፣ የሚቆጣጠረውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው ብሎ ደመደመ።

12ኛዋ ለኔ ተቆርቁራ ተነሳች። እንግዳ ያየውን ዕቃ ምንነት መጠየቅ ይችላል፣ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ነገር ድብቅ አይባልም፣ አዋጁም ለትልልቅ ድርጅቶች እንጂ ለአራት ክፍል ቤት አይደለም አለች። 11ኛው ተመልሶ አዋጁን ያነበብሽው የት ላይ ነው ብሎ አፋጠጣት። እዚህ ላይ ሁለቱ ለረጅም ጊዜ ተያያዙ። አዋጁ የኔን ዓይነት ቤት ይነካል አይነካም የሚለው አልተፈታም፤ የሕግ ሰው አልነበረም መሐላችን።

እኔ በበኩሌ 11ኛው ያለው ልክ ነው ብዬ አምናለሁ፣ አዋጅ ኖረም አልኖረም። ያ አባት የልጁን ሕመም የተናገረው ሳሎኔ ውስጥ የሚሰሙት እኔና ሠራተኛዬ ብቻ መስሎት ነው። ዕቃው የወጣበትም ምክንያት ይኸው ነው።

13ኛው ዋይፋይ ላይ አተኮረ። የራውተሩን የይለፍ ቃል ቀይሪ፣ ከዚያ ዕቃው መገናኘት ስለማይችል የሚያሰጋ ነገር የለም፣ ሌላው ሁሉ ድካም ነው አለ። ግማሹ እውነት ነው። የይለፍ ቃል መቀየር ከዚህ በኋላ የሚላከውን ያቆማል፣ የተላከውን አይመልስም። ይህን ልጽፍ ስል 4ኛው ጸሐፊ ቀደመኝ።

14ኛው እንግዲህ የሱ ነው፤ ያልጠበቅኩት አቅጣጫ ነው የያዘው። 13ኛው በሰጠው ምክንያት ባይሆንም በምክሩ ትክክል ነው አለ። በ2021 የአሜሪካው ኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች ከኢቤይና ከየገበያው 86 ያገለገሉ ኢኮ ዶቶችን ገዝተው መረመሩ። 61 በመቶው ጭራሽ ሪሴት አልተደረገም ነበር፤ የቀድሞው ባለቤት የዋይፋይ ይለፍ ቃል እንኳ በላዩ ላይ ነው። ሪሴት በተደረጉትም ላይ ቢሆን የማስታወሻ ቺፑን በቀጥታ በማንበብ የተወሰነውን መልሰው ማግኘት ችለዋል። ምክንያቱ የቺፑ ጠባይ ነው። እንዲህ ያለ ቺፕ ቶሎ እንዳያልቅ ጽሑፉን በየቦታው እያዟዟረ ይጽፋል፤ ጠፋ የተባለው አሮጌ ጽሑፍ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት እዚያው ይቆያል። መምህርቷ ቺፕ አውጥታ እንደማታነብ እርግጠኛ ነው። ግን ዕቃው ነገ ከሷ ወደ ማን እንደሚሄድ ማንም አያውቅም። የዋይፋዩን ይለፍ ቃል መቀየር ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ ለእንግዶች በወረቀት የተለጠፈውንም እግረ መንገዴን መቀየር አለብኝ።

ደግሞ አማዞን የዋይፋይ ይለፍ ቃል በአካውንቱ ውስጥ ሊያስቀምጥ ይችላል፣ ሌላ ዕቃ ሲገዛ በራሱ እንዲገናኝ ብሎ። እህቴ በአማዞን ድረ ገጽ Manage Your Content and Devices ውስጥ Preferences ከፍታ አየችው። የኔ ዋይፋይ ስም እዚያ ነበር። አጠፋችው።

15ኛው፣ 16ኛውና 17ኛው ሌላ ወሬ ናቸው። አንዱ አሌክሳ አማርኛ ሳትችል ማን ያናግራታል ብሎ ተነሳ። ሌላው ልጆቹ እሷን ለማናገር ሲሉ እንግሊዝኛቸው መሻሻሉን መሰከረ። ከዚያ ማረፊያዬ የት ጋ እንደሆነ፣ ወደ ዘጌ የሚሄድ ጀልባ ከዚያ ቅርብ መሆኑን ጠየቁ። ጀልባ አስጎብኚ የሆነ አንዱም ስልኩን አስቀመጠ። አላጠፋሁትም፤ እሱም እንጀራው ነው።

18ኛዋ ወደ አምፖሎቹ መለሰችን። ጸሐፊዋ ቀበሌ 14 የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አላት፣ እንዲህ ያሉ አምፖሎችን ትሸጣለች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ አምፖሎቹ በየትኛው አፕ እንደተገጠሙ ነበር። Smart Life ነው አልኳት። እንዲህ ከሆነ አንድ ሳይሆን ሁለት ቤት ናቸው ያሉሽ አለችኝ፦ አንዱ የአማዞን፣ አንዱ የስማርት ላይፍ። አሌክሳ አምፖሉን የምታዝዘው በስማርት ላይፍ በኩል ነው። ከአሌክሳ ላይ ብቻ ማጥፋት የወንድሜን ልጅ አካውንት አይነካውም፤ ዱባይ ሆኖ የኔን በረንዳ ማብራትና ማጥፋት ይችላል። መቼ እንደበራ መቼ እንደጠፋም ስልኩ ላይ ያያል።

እህቴ ከዚያ በፊት አራቱን አምፖሎች ከአሌክሳ አጥፍታቸው፣ በማግስቱ አራቱም ተመልሰው ቁጭ ብለው ነበር። 18ኛዋ ምክንያቱን አወቀችው። አሌክሳን ከስማርት ላይፍ ጋር የሚያገናኘው ስኪል አሁንም ስለተያያዘ አሌክሳ ዕቃ ስትፈልግ እንደገና ታገኛቸዋለች። መጀመሪያ ስኪሉን መቁረጥ ነው፦ More፣ Skills & Games፣ Your Skills፣ Smart Life፣ Disable Skill። ከዚያ ነው አምፖሎቹ የሚጠፉት። Manage Your Alexa Data ውስጥ ስለ ቤት ዕቃዎች ታሪክ ለብቻው ክፍል አለ፣ ስሙ Manage Smart Home Devices History ነው፤ የድምፁ መጥፋት እሱን አይጠርገውም። እህቴ በዚህ ተራ ስታደርገው አልተመለሱም።

በስማርት ላይፍ በኩል ደግሞ አምፖሉን ከፍቶ፣ ከላይ ያለውን የእርሳስ ምልክት ነክቶ፣ Remove Device ማለት ነው። ሁለት ምርጫ ይመጣል። Disconnect የሚለው ያላቅቀዋል፣ ታሪኩን ግን ያስቀምጠዋል። ሌላው አላቅቆ መረጃውንም ይጠርጋል፤ እሱን መምረጥ ነው። ይህን የሚያደርገው የወንድሜ ልጅ ነው።

እሷው አንድ የኛን ከተማ ነገር አከለች። እነዚህ አምፖሎች ሦስት ጊዜ አከታትሎ ሲያጠፉና ሲያበሯቸው ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራሉ፤ እንደ አዲስ ለመገናኘት ተዘጋጁ ማለት ነው። ደንበኞቿ አምፖሉ በራሱ ሪሴት አደረገ ብለው ይመልሱባታል። ያደረገው መብራት ኃይሉ ነው፣ ሲመጣና ሲሄድ። ስለዚህ ብልጭ ድርግም ያለ አምፖል ከቀድሞው አካውንት ነጻ ሆኗል ብላችሁ አትቁጠሩ ስትል አሳሰበች።

19ኛው ተጠራጣሪ ነው፣ ቃሉም ሻካራ ነው። ማጥፋት ትላላችሁ፣ አጥፍተናል የሚለው ማነው አለ። በ2023 የአሜሪካ መንግሥት አማዞንን የከሰሰበትን ነገር አነሳ። የሕፃናትን ድምፅ ያለ ልክ አስቀምጧል፣ ወላጆች አጥፉልን ካሉ በኋላም የተጻፈውን ቃል በተወሰኑ ቦታዎች ይዞ ቆይቷል የሚል ክስ ነበር፤ 25 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ነው ያለቀው። ከዚያ አራት ዓመት በፊትም የኩባንያው ሠራተኞች ከተቀረጸው እየመረጡ እንደሚያዳምጡ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል። እና ቨርጂኒያ ያለች እህት ስልኳ ላይ ባዶ ገጽ ስላየች ድምፁ ጠፋ ማለት የዋህነት ነው፤ 4ኛው ጸሐፊም ሰውን በማያውቀው ነገር ያጽናናል ብሎ ወረፈው።

4ኛው ጸሐፊ 20ኛ ላይ ሲመልስ ትሕትናው ቀነሰ። ክሱን ያውቀዋል፣ አልካደም። ግን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን አታደባልቅ አለው። አማዞን ውስጥ ምን እንደቀረ ከውጭ ሆኖ የሚያይ የለም፣ እሱም አላየሁም ነው የሚለው። የእንግዳውን ድምፅ ግን ስልክ ከፍቶ የሚያዳምጥ ሰው ነበር፤ ከእንግዲህ የለም። ይህን ማረጋገጥ ይቻላል፣ ተረጋግጧልም። የማይቻለውን ምክንያት አድርጎ የሚቻለውን መተው ስንፍና ነው ብሎ ዘጋው። እኔ የቆምኩት ከዚህኛው ጋር ነው። 19ኛው ግን አንድ ነገር ላይ አይካድም፦ ስማርት ላይፍም ሆነ ሌላ በአሌክሳ በኩል የተያያዘ ኩባንያ የያዘው መረጃ አማዞን ላይ በማጥፋት አይጠፋም። ለየራሱ መሄድ ያስፈልጋል።

21ኛዋ ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ዕቃው የሰማውን አስቀምጦ፣ መስመሩ ሲመለስ ይልከው እንደሆነ ጠየቀች። መስመር ሲጠፋ አሌክሳ መገናኘት አልቻልኩም እንደምትል ሁላችንም ሰምተናል። ያን ጊዜ የተነገረው የት ይሄዳል በሚለው ላይ ግን 1ኛው አንድ ነገር፣ 4ኛው ሌላ ነገር ገመቱ። ግምት ነው ብለው ጻፉም። እህቴ እነዚያን ቀኖች በዝርዝሩ ላይ እንዳትፈልግ ሁሉም አስቀድሞ ጠፍቷል።

22ኛው የኔ ነው፣ የሆነውን ለመንገር። እህቴ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ገብታ All History ብላ አየች፤ ምንም የለም። ከዚያ የዕቃውን ገጽ ከፍታ Registered To ከሚለው አጠገብ Deregister አለችው። እኔ እዚህ ነጥብ ያለበትን ቁልፍ ያዝኩ፣ ቀለበቱ ብርቱካናማ ሆነ፣ ለቀቅኩ፣ ጠፍቶ እንደገና በራና ለመጀመር ዝግጁ መሆኗን ተናገረች። የራውተሩንም ይለፍ ቃል ቀይሬያለሁ። ዕቃው ለመምህርቷ ደርሷል፤ በራሷ አካውንት እንድታስጀምረውና ከመጀመሪያው ቀን Don't save recordings ላይ እንድታደርገው ነግሬያታለሁ። ክፍል ውስጥ ልጆች ናቸው የሚናገሩት።

የቀሩኝ አምፖሎቹ ናቸው። የወንድሜ ልጅ ሦስቱን አላቀቀ፤ እኔም ሦስቱን በራሴ ስልክ ገጠምኳቸው። አራተኛው፣ በሩ አጠገብ ያለው፣ እሱ ሊያላቅቀው ሲል መብራት የለም ነበርና ከስልኩ ላይ አልታየውም። አሁን ብልጭ ድርግም ይላል፣ ልገጥመው ስል ግን አፑ ይህ ዕቃ በሌላ አካውንት ተመዝግቧል ይለኛል። 1ኛው ወጣት አሁንም ሦስት ጊዜ አጥፍቼ እንዳበራው መከረኝ። 18ኛዋ ባለሱቅ አይሆንም አለችው፦ ይህኛው ዓይነት የፊተኛው ባለቤት ካልለቀቀው በማብራትና በማጥፋት አይለቅም። ልጁ ገብቶ Remove Device ማለቱ ግድ ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ አምፖሉ ቢበራ ይመረጣል። እሱ ከሥራ የሚወጣው ማታ ነው፤ ያኔ በስልክ ላይ ሆነን አብረን እናደርገዋለን ተባብለናል።